የተሰነጠቀ ባልዲና የሚነቃነቅ የፕላስቲክ ወንበር በሙቀት እንዴት ይበየዳል? ማሟሟትስ መቼ ያዋጣል?

ባልዲ ሲሰነጠቅ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያነሣው ሙጫ ነው። ሙጫው ይቀባል፣ ይደርቃል፣ የያዘም ይመስላል። ባልዲው ውኃ ሞልቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነሣና ከተቀመጠ በኋላ ግን ሙጫው በአንድ ቁራጭ ተላጦ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ሙጫው ርካሽ ስለሆነ አይደለም። አብዛኛው ባልዲ የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ከአንድ ወጥ የተሠራው የፕላስቲክ ወንበርም ከፖሊፕሮፒሊን ነው። ሁለቱም ገጻቸው ሰም ሰም የሚል፣ ሙጫ የሚይዝበት ነገር የሌለው ፕላስቲክ ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው የፈጣን ሙጫ ማሸጊያ ጠርሙስን ይመልከት፤ ጠርሙሱ ራሱ የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ነው፣ ምክንያቱም ሙጫው አይጣበቅበትም።

የሚያሟሟ ፈሳሽም በእነዚህ ሁለቱ ላይ አይሠራም። ቤንዚን በፖሊኢትሊን ጀሪካን ለወራት ይቀመጣል፤ የጥፍር ቀለም ለማስለቀቅ የሚያገለግለው አሴቶንም የሚሸጠው በዚያው ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱን ያላሟሟ ፈሳሽ ባልዲውን ሊያሟሟ አይችልም። ነጩን የዕቃ ማሸጊያ ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ በቤንዚን አሟሙቶ በስንጥቁ ላይ የመቀባት ልማድም አለ። የሚገኘው ዝልግልግ ነገር እውነተኛ ሙጫ ይመስላል፤ ነገር ግን የሟሟው ማሸጊያው ፖሊስታይሪን እንጂ ባልዲው አይደለም። ስለዚህ በባልዲው ላይ ደርቆ ይቀመጣል እንጂ ከባልዲው ጋር አይዋሐድም፤ የቤንዚኑ ተን ደግሞ እሳት የሚያስነሣ ነው። ይህን ዘዴ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ለባልዲና ለወንበር የሚያዋጣው መንገድ ሙቀት ነው፦ የስንጥቁን ሁለት ከንፈሮች አቅልጦ፣ ዓይነቱ አንድ የሆነ ፕላስቲክ በመካከል ጨምሮ፣ እንደ ብረት መበየድ።

መጀመሪያ ፕላስቲኩን መለየት

ባልዲውን ገልብጦ ከሥሩ መመልከት ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀስቶች በሠሩት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር ተጽፏል። 2 ጠንካራው ፖሊኢትሊን ነው፣ 4 ለስላሳው ፖሊኢትሊን ነው፣ 5 ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን ነው። እነዚህ ሦስቱ በሙቀት ይበየዳሉ። 3 ፒቪሲ ነው፤ እርሱን በጋለ ብረት መንካት አይገባም፣ ሲቃጠል ሳንባ የሚጎዳ የአሲድ ጋዝ ይወጣዋል። 6 ፖሊስታይሪን ነው። 7 ቁጥር ሌሎቹን ሁሉ በአንድነት ስለሚይዝ ብቻውን ብዙ አይነግርም።

ቁጥር ከሌለ ከስንጥቁ ጠርዝ ትንሽ ቅራፊ በምላጭ ቆርጦ፣ ሳሙና ጠብ በተደረገበት ውኃ ውስጥ ወደ ታች ገፍቶ መልቀቅ ነው። ሳሙናው የሚያስፈልገው ቅራፊው በአየር አረፋ ብቻ ተንሳፍፎ እንዳያታልል ነው። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ይቀልላሉና ተመልሰው ይወጣሉ፤ ፒቪሲ፣ ፖሊስታይሪንና የኤሌክትሪክ ዕቃ ሽፋን የሚሠራበት ጠንካራው ኤቢኤስ ይሰምጣሉ። በርካሽ ወንበር ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አምራቾች ፖሊፕሮፒሊኑ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይቀላቅላሉ፤ ዱቄቱ ከበዛ ቅራፊው መካከል ላይ ሊቆም ወይም ሊሰምጥ ይችላል።

እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ቅራፊውን በፒንሳ ይዞ ደጅ ላይ በክብሪት ማቀጣጠል ይለየዋል። ከእሳቱ ሲርቅም መንደዱን ቀጥሎ፣ እየቀለጠ ጠብ ጠብ ካለና የጠፋ ሻማ ሽታ ካለው ከፖሊኢትሊንና ከፖሊፕሮፒሊን አንዱ ነው። ከእሳቱ ሲርቅ ወዲያው ከጠፋና አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጭስ ካለው ፒቪሲ ነው። ወፍራም ጥቁር ጥላሸት የሚያወጣው ፖሊስታይሪን ወይም ኤቢኤስ ነው።

ማሟሟት የሚያዋጣው መቼ ነው?

የሰመጠውና ጥላሸታም የሆነው ፕላስቲክ የማሟሟት ዘዴ ትክክለኛ ቦታ ነው። ኤቢኤስና ፖሊስታይሪን በአሴቶን ይሟሟሉ። ሥራው አጭር ነው፦ ሁለቱን ጠርዞች ማጽዳትና ያለ ክፍተት እንዲገጥሙ ማድረግ፣ በቀጭን ብሩሽ ሁለቱንም አሴቶን መቀባት፣ ገጹ ሲነኩት እስኪያጣብቅ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ማጋጠም፣ ከዚያ አጥብቆ አስሮ አንድ ሙሉ ቀን አለመንካት ነው። ፈሳሹ የሁለቱን ወገን ፕላስቲክ አልስልሶ እርስ በርሱ ያቀላቅለዋል፤ ተንኖ ሲያልቅ መጋጠሚያው አንድ ወጥ ፕላስቲክ ይሆናል። ክፍተት ካለ የዚያኑ ኤቢኤስ ስብርባሪ በትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ አሴቶን ውስጥ አሳድሮ በሚገኘው ወፍራም ቅባት መሙላት ይቻላል። ለፒቪሲ አሴቶን በቂ አይደለም፤ ያሳብጠዋል እንጂ በወጉ አያሟሟውም። ለእርሱ የሚገባው ለፒቪሲ ቱቦ ተብሎ የሚሸጠው ማጣበቂያ ነው።

የአሴቶን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተጉዞ ራቅ ያለ እሳት ጋ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የማሟሟት ሥራና የጋለ ብረት በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ አይገናኙም።

ባልዲውን መበየድ

በጣም የተለመደውን ጉዳት እንውሰድ። ባለ 20 ሊትር፣ ግድግዳው 2 ሚሊሜትር ያህል የሚወፍር ፖሊኢትሊን ባልዲ ከታችኛው ክብ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ላይ 12 ሴንቲሜትር ተሰንጥቋል። ሙሉ ባልዲ መሬት ላይ በኃይል ሲቀመጥ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ስለሆነ ስንጥቁ ከዚያ ይነሣል።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ የሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት የኤሌክትሪክ ካውያ፣ ስለታም ምላጭ፣ መሰርሰሪያ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ወፍራም ጓንት፣ እና መሙያ ፕላስቲክ። የካውያው ጫፍ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ቢሆን ይመረጣል። ካውያ የሌለው ሰው የአሮጌ ማንኪያ እጀታ ወይም ጠፍጣፋ ብረት በፍም ላይ እያጋለ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ፕላስቲኩን ማሳረር ቀላል ነው። እኔ የምመክረው ካውያውን ነው። ሥራው ደጅ ላይ ወይም መስኮቱ በተከፈተ ክፍል ይሁን።

ከሁሉም የሚከብደው መሙያውን መምረጥ ነው። ፖሊኢትሊን ከፖሊፕሮፒሊን ጋር አይበየድም፤ ቀልጠው የተዋሐዱ ይመስላሉ፣ ሲቀዘቅዙ ግን ይላቀቃሉ። ከሁሉ የሚሻለው መሙያ ከዚያው ባልዲ የሚገኝ ነው፤ ከላይኛው የከንፈር እጥፋት ሥር ወይም ከማያስፈልግ የክዳኑ ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ሪባን መቁረጥ ይቻላል። ካልሆነ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሌላ የተጣለ ዕቃ ይፈለግ። ቁጥሩ ቢገጥምም ሳይሞክሩ አለመጀመር ነው። በባልዲው የማይታይ ቦታ ላይ የመሙያውን ጫፍ አቅልጦ መለጠፍ፣ አሥር ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በፒንሳ ይዞ መሳብ። ሪባኑ ከባልዲው ላይ ቆዳ ይዞ ከተነሣ ወይም ራሱ ከተበጠሰ ትክክለኛ ነው። ያለ ምንም ምልክት ብድግ ካለ መሙያው ሌላ ዓይነት ነውና መጣል አለበት።

መሙያው ከተገኘ በኋላ ስንጥቁን ማስቆም ይመጣል። ስንጥቅ ሁልጊዜ ከሚታየው ትንሽ ያልፋል። ባልዲውን በሁለት እጅ ቀስ ብሎ እያጠፉ ሲመለከቱ ጫፉ ላይ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ይታያል፤ የስንጥቁ እውነተኛ ማብቂያ እርሱ ነው። ከእርሱ ትንሽ አለፍ ብሎ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ መብሳት ያስፈልጋል። ሹል የሆነ የስንጥቅ ጫፍ ጫናውን ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል፤ ክብ ቀዳዳ ግን ጫናውን ዙሪያውን ያከፋፍለዋል። ይህ ቀዳዳ ከተዘለለ ብየዳው የቱንም ያህል ቢያምር ስንጥቁ ከብየዳው ማብቂያ ላይ ጉዞውን ይቀጥላል። ስንጥቁ ወደ ወለሉም ከዘለቀ በዚያም በኩል ሌላ ቀዳዳ ይበሳል።

ቀጥሎ ስንጥቁን ተከትሎ በምላጭ ወይም በካውያው ጫፍ በሁለት በኩል ዘንበል ያለ ቦይ መቅደድ ነው። ጥልቀቱ ከግድግዳው ውፍረት ሁለት ሦስተኛ ያህል፣ ማለትም በዚህ ባልዲ ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ በለጥ ያለ፣ የላይ ስፋቱም 2 ሚሊሜትር ያህል ይሁን። ቦይ ሳይቀዱ ከላይ ብቻ ማቅለጥ የሚያስገኘው ቀጭን ቆዳ ነው፤ ከሥሩ ስንጥቁ እንዳለ ይቆያል። ከዚያ ቦዩንና በግራ ቀኙ 1 ሴንቲሜትር ያህል ቦታን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ አቧራውን በጨርቅ ጠርጎ፣ ዘይት ወይም ሳሙና የነካው ከሆነ አጥቦ ፍጹም ማድረቅ ነው። ፀሐይ ያገኘው ፕላስቲክ ገጹ ይሞታል፤ ያ ገጽ ካልተፋቀ የቀለጠው ፕላስቲክ የሚያርፈው በዱቄት ላይ ነው። የመሙያው ሪባንም በተመሳሳይ ይፋቃል።

አሁን ካውያው ይሰካ። ፖሊኢትሊኑ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ 160 ዲግሪን ትንሽ አለፍ ሲል ይቀልጣል። የካውያ ጫፍ ግን ከ300 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ከሚያስፈልገው በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ እጅ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። ጭስ መታየት የለበትም፤ ጭስ ከታየ ፕላስቲኩ እየቀለጠ ሳይሆን እየነደደ ነው። ቡናማ ሆኖ ያረረ ቦታም ጥንካሬ ስለሌለው በምላጭ ተቆርጦ ይወጣል። ቀለም ያልገባበት ነጣ ያለ ፖሊኢትሊን ለሠራተኛው ትልቅ ውለታ ይውላል፦ በትክክል ሲቀልጥ እንደ መስታወት ጥርት ይላል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይደፈርሳል። በዓይን እያዩ የት እንደቀለጠና የት እንዳልቀለጠ ማወቅ ይቻላል። ቀለም ባለው ባልዲ ላይ ምልክቱ ማብረቅረቅ ነው፤ ደብዛዛው ገጽ እርጥብ መስሎ ይታያል።

መጀመሪያ ያለ መሙያ የቦዩን ወለል ብቻ በየ2 ሴንቲሜትሩ ነካ ነካ እያደረጉ ሁለቱን ከንፈሮች ማያያዝ ነው። ይህ ባልዲው በሙቀቱ ተጣምሞ ከንፈሮቹ ከፍና ዝቅ እንዳይሉ ይይዛቸዋል። ከዚያ ከላይኛው ቀዳዳ ጀምሮ ሪባኑን በግራ እጅ ቦዩ ላይ አሳርፎ፣ የካውያውን ጠፍጣፋ ጫፍ በሪባኑና በቦዩ መካከል ማስገባት። ሁለቱም አንድ ላይ ሲያብረቀርቁ ካውያውን በ1 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ፊት ማንሸራተትና ኋላ የቀረውን ሪባን ወደ ቦዩ መጫን ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ሪባኑ ብቻ ቀልጦ በቀዝቃዛ ቦይ ላይ ቢፈስስ የተሠራው ብየዳ ሳይሆን ልጥፍ ነው። ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ መቅለጥ አለበት። መጨረሻ ላይ የካውያውን ጫፍ በብየዳው ላይ አግድም እያመላለሱ የመሙያውን ዳርና የባልዲውን ገጽ እርስ በርስ ማቀላቀል ነው። የማስቆሚያ ቀዳዳዎቹም በዚያው ይሞላሉ።

ብየዳው ከግድግዳው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቅር። እነዚህ ፕላስቲኮች ሲቀዘቅዙ በግልጽ ይኮማተራሉ፤ እኩል ተደርጎ የተሞላ ቦይ ሲቀዘቅዝ ጎድጉዶ ይገኛል። በውኃ ማቀዝቀዝም አይገባም። ውጪው ቶሎ ደርቆ ውስጡ ሲከተለው በመካከላቸው ውጥረት ይቀራል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ አዲስ ስንጥቅ ከብየዳው ጎን ለጎን ይከፈታል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነኩት መተው ነው። ከዚያ በባልዲው ውስጠኛ ገጽ በኩልም ቀለል ያለ ቦይ ተቀድዶ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ታችኛው ጥግ ላይ፣ ጫናው በሚበዛበት፣ የማይዝግ የሽቦ ወንፊት ቁራጭ በስንጥቁ ላይ አግድም አሳርፎ፣ በካውያ እየተጫኑ ግድግዳው ውስጥ ማስመጥና ከላዩ መሙያ ማቅለጥ ብየዳውን ብዙ ያጠነክረዋል።

ለመፈተሽ ባልዲውን ከውጪ አድርቆ፣ ብየዳው ላይ ደረቅ ወረቀት ለጥፎ፣ ውኃ ሞልቶ አንድ ሰዓት ማቆየት ነው። በጣም ትንሽ ቀዳዳ ጠብታ ሳያሳይ ወረቀቱን ያረጥበዋል። ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ ሙሉውን ባልዲ ጥቂት ጊዜ አንሥቶ ማስቀመጥና እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ብየዳ ቆሞ እያለ ይይዛል፣ ሲነቃነቅ ግን ያፈስሳል። የሚያፈስሰው ነጥብ ከተገኘ ከላይ መደረብ አይረባም። ቦታው ደርቆ፣ ተቆርጦ፣ ከወለሉ ጀምሮ እንደገና ይሞላል።

የተበየደ ባልዲ ለመጠጥ ውኃ ማስቀመጫ ባይሆን ይሻላል፤ ሻካራው ብየዳ በወጉ አይታጠብም። ለፈላ ውኃም እንዲሁ፤ ሙቀቱ መጋጠሚያውን ያላላዋል። የእጀታው ጆሮ ተሰብሮ የተበየደ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ሰው እያለ ወደ ላይ ለመጎተት ፈጽሞ አይታመንም።

የሚነቃነቀው ወንበር

ወንበር ሲነቃነቅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ እግሩ ተሰንጥቋል ወይስ አንዱ እግር አጥሯል የሚለው ነው። ወንበሩን በተስተካከለ ወለል ላይ አቁሞ፣ ወለሉን በማይነካው እግር ሥር የካርቶን ቁራጮችን እየደረደሩ መነቃነቁ እስኪቆም ማስገባት ነው። ስንጥቅ ሳይኖር መነቃነቁ በካርቶኑ ከቆመ የጎደለው የካርቶኖቹ ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ከተመሳሳይ ወንበር የተቆረጠ የዚያኑ ያህል ወፍራም ቁራጭ ከእግሩ ሥር ዙሪያውን በካውያ መበየድ ይበቃል።

ካርቶን ቢገባም ወንበሩ ሲቀመጡበት የሚዋልል ከሆነ እግሩ ከመቀመጫው የሚገናኝበትን ቦታ በብርሃን መፈለግ ነው። እዚህ ላይ ሥራውን ከመጀመር በፊት አንድ ፈተና አለ። ከስንጥቁ አጠገብ ቀጭን ቅራፊ በምላጭ ላጦ በጣት ማጠፍ። ቅራፊው ከታጠፈ ፕላስቲኩ ሕያው ነው። ከተሰበረ፣ ወይም ገጹ ሲፋቅ ነጭ ዱቄት ብቻ ማውጣቱን ካላቆመ፣ ፀሐይ ፕላስቲኩን ጨርሶታል። እንዲህ ያለውን ወንበር መበየድ አያስፈልግም፤ ብየዳው ቢይዝ እንኳ አጠገቡ ይሰበራል፣ የሚወድቀውም ሰው ነው።

ፕላስቲኩ ደኅና ከሆነ የባልዲው አሠራር ሁሉ ይሠራል፤ ማስቆሚያ ቀዳዳ፣ ቦይ፣ ተመሳሳይ መሙያ፣ ከሁለቱም ገጽ። ልዩነቱ ወንበር ብየዳውን ስለሚያጣምመው መሙያ ብቻውን አይበቃም። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ 3 ሴንቲሜትር ያህል እየተቆረጠ ሁለቱ ጫፎቹ ይታጠፉና፣ በየ2 ሴንቲሜትሩ ስንጥቁን አቋርጦ እንዲያርፍ ይደረጋል። ሽቦው በካውያ እየጋለ እስከ ፕላስቲኩ ግማሽ ውፍረት ይሰምጥና ከላዩ መሙያ ይቀልጥበታል። የእግሩ የውስጥ ጎን ብዙውን ጊዜ እንደ ቦይ የተጎደጎደ ነው፤ በዚያ ውስጥ 15 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ከሌላ ወንበር የተቆረጠ ሳንቃ ከስንጥቁ በላይና በታች እኩል እንዲያርፍ አድርጎ ሁለቱን ዳር በሙሉ መበየድ ነው። ጫናውን በእውነት የሚሸከመው ይህ ሳንቃ ስለሆነ ጊዜ የሚሰጠው ለእርሱ ነው።

አንድ ቀን ካደረ በኋላ መጀመሪያ የሚቀመጥበት ሰው መሆን የለበትም። ባለ 20 ሊትር ውኃ የሞሉ ሁለት ጀሪካኖችን መቀመጫው ላይ አስቀምጦ፣ ወንበሩን ከጀርባው ይዞ ወደ ኋላና ወደ ጎን ጥቂት ማወዛወዝ፣ ከዚያ ብየዳውን በቅርበት መመልከት ነው። በብየዳው ዳር አዲስ ነጭ መስመር ከታየ ፕላስቲኩ መቀደድ ጀምሯል። ያ ወንበር ሰው ሳይቀመጥበት ለዕቃ ማስቀመጫ ይሁን፤ ከመቀመጫው ሥር ፀሐይ ያላገኘው ክፍል ደግሞ በ3 ሚሊሜትር ሪባን ተቆርጦ፣ ቁጥሩ ተጽፎበት፣ ለሚቀጥለው ብየዳ መሙያ ሆኖ ይቀመጥ።